ደመወዝ ሲዘገይ፣ ኦቨር ታይም ሲቀር፦ ለፋይናንስ የሚጻፍ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ ቤቴ ደሴ ነው፤ ኮምቦልቻ አንድ የግል ድርጅት መጋዘን ውስጥ ዕቃ መዝጋቢ ሆኜ እሠራለሁ። ደመወዜ 9,360 ብር ነው፤ በየወሩ በ30 ይከፈለን ነበር። ከጥር ወዲህ እየዘገየ መጣ፤ የመጋቢት ይኸው ሚያዝያ አጋማሽ ደርሶ አልገባም። በዚያ ላይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያመሸሁበት ኦቨር ታይም አንድ ብር አልተከፈለኝም። ፈረቃዬ ማታ 2 ሰዓት ያልቃል፤ መኪና ሲገባ ግን እስከ 5 ሰዓት እቆያለሁ። ያን ቀን ወደ ደሴ የሚወጣ ታክሲ ስለማላገኝ እኅቴ ዘንድ ነው የማድረው። ስጠይቅ መልሱ “ታገሺ” ነው። ለፋይናንስ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። አክብሮት ያለው፣ ግን ቆፍጠን ያለ እንዲሆን እፈልጋለሁ። እንጀራዬንም ማጣት አልፈልግም። ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦

እህቴ፣ ከደብዳቤው በፊት አንድ ቀን ያዢልኝ፤ ሰኔ 30።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 163 መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ መጠየቅ አትችዪም ማለት ነው። የታኅሣሥ ኦቨር ታይምሽ መከፈል የነበረበት ከታኅሣሥ ደመወዝ ጋር፣ ታኅሣሥ 30 ነው። ስድስት ወር ስትቆጥሪ ሰኔ 30 ላይ ትደርሻለሽ። የጥር ኦቨር ታይም ሐምሌ 30፣ የካቲትም እንዲሁ ከአንድ ወር በኋላ። እያንዳንዱ ወር ለብቻው ነው የሚያልፈው። “ታገሺ” እያለ የሚያረጋጋሽ ሰው ተንኮል ላይኖረው ይችላል፤ በታገሥሽ ቁጥር ግን ቀኑ ይሄዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ደብዳቤ ስለጻፍሽ ብቻ ይርጋው አይቆምም። አሥር ደብዳቤ ብትጽፊ አይቆምም። የሚያቋርጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሥራ ክርክር የሚያይ አካል ፊት ክስ ስታቀርቢ፣ አዋጁን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ዘንድ አቤቱታ ስታስገቢ፣ ወይም አሠሪው ራሱ “አዎ፣ ይህ ዕዳ አለብኝ” ብሎ በግልጽ ሲያምን። በዚህ በሦስተኛው መንገድ ይርጋን ማቋረጥ የሚቻለውም በድምሩ ከሦስት ጊዜ ላልበለጠ ነው።

እንግዲህ የደብዳቤሽ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡን መጠየቅ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ድርጅቱ በጽሑፍ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ፋይናንስ “ክፍያው መኖሩን እናውቃለን፤ ገንዘብ ሲገባ እንከፍላለን” ብሎ ፈርሞ ከሰጠሽ፣ ያ ወረቀት ለአንቺ ከግማሽ ክፍያ አይተናነስም። በቃል ቢልሽ ግን ነገ “አላልኩም” ማለት ይችላል።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በሁለት ድርጅቶች ዘጠኝ ዓመት ፔሮል ሠርቻለሁ። የሠራተኛ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚደረግበት አውቃለሁ። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ የፋይናንስ ኃላፊው ዳር ላይ በእስክርቢቶ “ተጣርቶ ይቅረብልኝ” ብሎ ይመራዋል። የሚያጣራው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የማጣራው ወረቀት ላይ ያለውን ነው። “ለብዙ ወራት ብዙ ሰዓት ሠርቼ” የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ምን አጣራለሁ? ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ክፋት አይደለም፤ የምይዘው ነገር የለውም።

አንድ ጊዜ ከጥገና ክፍል የመጣ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል። የልጁ የእጅ ጽሑፍ እንኳ አይነበብም ነበር። ግን ከሥር በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ ነበረው፤ ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን አዘዘ፣ ስንት ብር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አጣርቼ ጨረስኩት። በዚያው ወር ፔሮል ውስጥ ገባለት። ከእሱ ቀድመው የጻፉት፣ አማርኛቸው ያማረ ሰዎች ገና ይጠባበቁ ነበር።

ሁለቱን ጥያቄዎችሽን አንድ ላይ አታቡኪያቸው። ደመወዝ የሚዘገየው ባንክ ውስጥ ገንዘብ ሲጠፋ ነው። ኦቨር ታይም የሚቀረው ግን ብዙውን ጊዜ ወረቀት መንገድ ላይ ሲጠፋ ነው። ፔሮል ወሩ ሳያልቅ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ እኛ ዘንድ በ22 ነበር። የኦቨር ታይም ቅጹ ከሱፐርቫይዘር ወደ ሰው ሀብት፣ ከሰው ሀብት ጸድቆ ወደ ፋይናንስ እስከዚያ ካልደረሰ ወደሚቀጥለው ወር ይገፋል። የሚቀጥለው ወር ደግሞ የራሱን ቅጽ ይዞ ይመጣል። የታኅሣሡ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ፋይናንስ “እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም” ቢልሽ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ደመወዝሽን በተመለከተ ግን ማንም የሚከራከርሽ የለም፤ መሥራትሽም ልኩም ይታወቃል። በደብዳቤው ደመወዙን መጀመሪያ፣ አጭር አድርገሽ ጻፊው። ሐተታው ለኦቨር ታይሙ ይሁን።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አዋጁ በአንቀጽ 68 ያስቀመጠው እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.5 ይባዛል። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። ልብ በይ፤ አንዳንድ ቤት አሁንም በ1.25 የሚያሰላ ፔሮል አለ። እሱ የድሮው አዋጅ 377/1996 ነው። ከ2011 በኋላ አይሠራም።

የሰዓት ደመወዝሽ ስንት ነው? በሳምንት 48 ሰዓት የምትሠሪ ከሆነ በተለምዶ ወርሃዊው ደመወዝ ለ208 ይካፈላል። 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል የሚመጣው ነው። 9,360 ለ208 ሲካፈል 45 ብር። አንዳንዱ ሒሳብ ሠራተኛ 30 ቀን በ8 ሰዓት ብሎ ለ240 ያካፍላል። ያኔ 39 ብር ይሆናል፤ በየሰዓቱ 6 ብር ሄደ ማለት ነው፣ ያውም ማባዣው ሳይገባበት። የእናንተ ድርጅት የትኛውን እንደሚጠቀም ለማወቅ ማንንም መጠየቅ የለብሽም። ድሮ ኦቨር ታይም የተከፈለበትን የደመወዝ ወረቀት አውጪ። ለምሳሌ የቀን 10 ሰዓት ተብሎ 675 ብር ተከፍሎሽ ከሆነ፣ 675ን ለ10፣ ያንን ለ1.5 አካፍዪ፤ 45 ይመጣል። በ208 እየሠሩ ነው። የራሳቸውን ስሌት በራሳቸው ላይ መጠቀም የመሰለ ነገር የለም።

የአንድ ምሽትሽ ሒሳብ ይህን ይመስላል። ከማታ 2 እስከ 4 ያለው ሁለት ሰዓት በ1.5 ነው፤ 67.50 ሲባዛ በ2፣ 135 ብር። ከ4 እስከ 5 ያለው አንድ ሰዓት በ1.75 ነው፤ 78.75። የምሽቱ ድምር 213.75 ብር። ብዙ ሰው ሦስቱንም ሰዓት በ1.5 ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ “ማታ ነው” ብሎ ሦስቱንም በ1.75። ሁለተኛው የባሰ ነው። ፋይናንስ አንድ ስህተት ካገኘ ጠቅላላውን “ይስተካከል” ብሎ ይመልስልሻል፤ ሁለት ሳምንት ይሄዳል።

የጻፍሽው ግብር ያልተቀነሰበትን መሆኑን ግለጪ። ኦቨር ታይም የሥራ ግብር ይከፈልበታል፤ እጅሽ የሚገባው ካሰላሽው ያንሳል። 7 በመቶው ጡረታ ግን ከመነሻ ደመወዝ እንጂ ከኦቨር ታይም አይቀነስም። ከቀነሱብሽ ጠይቂ።

ቀጥሎ ማስረጃ። አዋጁ ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው ይላል። ኦቨር ታይም የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው በዚህች ጥያቄ ነው፤ “ማን አምሺ አለሽ?” ስለዚህ ደብዳቤሽ ውስጥ የትእዛዙ ባለቤት መኖር አለበት። ሱፐርቫይዘሩ የፈረመበት ወረቀት ካለሽ እሰየው። ከሌለሽ ዕቃ መዝጋቢ መሆንሽ ራሱ ያግዝሻል። መኪናው ሲራገፍ የቆረጥሽው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ቀንና ፊርማ አለው። የጥበቃው መዝገብ የመኪናውንና የአንቺን መውጫ ሰዓት ይይዛል። ሱፐርቫይዘሩ በቴሌግራም “ዛሬ መኪና አለ፣ እንዳትሄዱ” ብሎ ጽፎ ከሆነ ስክሪን ሻት አንሺው፤ ቀኑ እንዲታይ አድርጊ። የድርጅቱን ዋና ሰነድ ግን ከቢሮ አታውጪ። ቁጥሩን ብቻ መዝግቢ። ሰነድ አወጣች ተብሎ ሌላ ጣጣ እንዳይመጣ።

አዋጁ የተሠራውን ትርፍ ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የክፍያ መዝገቡንም ሠራተኛው ሲጠይቅ ማሳየትና ማስረዳት አለበት። ይህን ስልሽ ደብዳቤው ላይ የሕግ አንቀጽ ደርድሪ ማለቴ አይደለም። አንድ አንቀጽ ይበቃል። አምስት አንቀጽ የተጠቀሰበት ደብዳቤ ወደ ሕግ ክፍል ይመራል። የሕግ ክፍል ደግሞ የሚያስበው እንዴት እንደሚከፍል ሳይሆን እንዴት እንደሚከላከል ነው።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል፤ የጠየቅሽኝ ዋናው እሱ ስለሆነ። እኛ ሰዎች ደብዳቤ ስንጽፍ ወይ እንለምናለን ወይ እንጣላለን። “ያለሁበትን ችግር ተመልክታችሁ እንድትተባበሩኝ” ስትይ የራስሽን ገንዘብ ወደ ምጽዋት ቀየርሽው። ትብብር የተጠየቀ ሰው “አልተመቸኝም” ማለት ይችላል። ዕዳ ያለበት ሰው ግን እንደዚያ አይልም። በሌላ በኩል “ሆን ብላችሁ ላቤን በላችሁ” ስትይ ክፍያውን የሚያዘጋጀው ሰው ላይ ጣትሽን ቀሰርሽ። እሱም እንዳንቺው ደመወዙ ያልገባለት ሊሆን ይችላል። “አልተከፈለኝም” በቂ ነው። ማን እንዳጠፋ አትናገሪ፤ ምን እንደጎደለ ተናገሪ። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ጾም ይዞ ፋሲካ መግባቱ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ግን እዚህ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። ኪራይ የሌለበት ሰው ደመወዙ ይዘገይ ማለት አይደለማ። እኅትሽ ዘንድ ያደርሽውንም አታንሺ። የትራንስፖርት ጥያቄ ካለሽ ለብቻው ሌላ ቀን ይሁን።

አክብሮቱ ከየት ይምጣ? ከ“በትሕትና” ብዛት አይደለም። ክፍሉን በማዕረጉ ጠርተሽ፣ የተከፈለውን ተከፍሏል ብለሽ አምነሽ፣ ስህተት ካለብሽ እንዲያርሙሽ በር ከፍተሽ ስትጽፊ አክብሮት አለ። ቆፍጠን ማለቱ ደግሞ ከቁጥሩና ከቀኑ ይመጣል።

እንግዲህ እንዲህ ጻፊው፤ ቁጥሩን በራስሽ መዝገብ አስተካክዪ።

ቀን፦ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ (የድርጅቱ ስም) ፋይናንስ ክፍል
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ የመጋቢት ወር ደመወዝና የ3 ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያን ይመለከታል

እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው ሠራተኛ በድርጅቱ መጋዘን በዕቃ መዝጋቢነት በወር 9,360 ብር ደመወዝ እሠራለሁ። የደመወዝ መክፈያ ቀናችን በየወሩ 30 ነው። የጥርና የየካቲት ደመወዜ ዘግይቶም ቢሆን ተከፍሎኛል። የመጋቢት ወር ደመወዜ ግን መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. መከፈል ሲገባው እስከዛሬ አልተከፈለኝም።

በተጨማሪም በመጋዘን ሱፐርቫይዘሩ ትእዛዝ ከመደበኛ ፈረቃዬ ውጭ የሠራሁት የሚከተለው ትርፍ ሰዓት አልተከፈለኝም፤

ታኅሣሥ፦ እስከ ማታ 4 ሰዓት 16 ሰዓት፣ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ 4 ሰዓት፤ 1,395.00 ብር
ጥር፦ እስከ ማታ 4 ሰዓት 14 ሰዓት፣ እሑድ ጥር 18 ቀን 4 ሰዓት፤ 1,305.00 ብር
የካቲት፦ እስከ ማታ 4 ሰዓት 20 ሰዓት፣ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ 6 ሰዓት፤ 1,822.50 ብር
ድምር፦ 64 ሰዓት፣ ግብር ሳይቀነስ 4,522.50 ብር

ስሌቱ የተሠራው በሰዓት 45 ብር (9,360 ÷ 208) እና በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 68 በተቀመጠው መጠን ነው። የየቀኑ ዝርዝርና በሱፐርቫይዘሩ የተፈረመው ቅጽ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ስለዚህ የመጋቢት ደመወዜ እንዲከፈለኝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም በሚያዝያ ወር ፔሮል ተካቶ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። በሰዓቱ ወይም በስሌቱ ላይ ልዩነት ካለ መዝገቡን አብረን ለማመሳከር ዝግጁ ነኝ። በተባለው ቀን መክፈል የማይቻል ከሆነ፣ ያልተከፈለኝ ገንዘብ መጠንና የሚከፈልበት ቀን ተገልጾ እስከ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ

አባሪ፦ 3 ገጽ
ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት ክፍል
ለዋና ሥራ አስኪያጅ ቢሮ

ከመጨረሻው አንቀጽ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አየሻት? “ያልተከፈለኝ ገንዘብ መጠንና የሚከፈልበት ቀን” የምትለዋን። ያቺ ናት የእምነት ቃሉን የምታመጣው። ገንዘብ የሌለው ድርጅት ይህን ጥያቄ ሲያይ ይደሰታል፤ ጊዜ የሚያገኝበት መንገድ ነውና። “እስከ ግንቦት 30 እንከፍላለን” ብሎ ይጽፍልሻል። እሱ ጊዜ አገኘ፤ አንቺም ይርጋሽን አቋረጥሽ። ማንም አልተጣላም።

ቀኑን ሚያዝያ 15 ያደረግሁት ፔሮል ከመዘጋቱ በፊት እንዲደርስ ነው። በ25 ብታስገቢው “የሚያዝያ ተዘግቷል” ትባያለሽ፤ ትክክል ናቸው።

ግልባጩን ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገና አታድርጊ። ጓደኞችሽ “አስፈራሪያቸው” ይሉሻል። እኔ አልስማማም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከቤት ውጭ ከወጣ ሥራ አስኪያጁ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ስሙ ማሰብ ይጀምራል። ለሰው ሀብት ግን የግድ ነው፤ የኦቨር ታይም ቅጹ የጠፋው እነሱ ዘንድ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ቅጂ አትሚ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጪ፣ ሌላው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈሽ አስፈርሚበት፤ ማኅተም ካለ ይመታበት። ይህን ሳታደርጊ ለኃላፊው በእጅ አትስጪ፤ “እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተይው” የተባለ ደብዳቤ ሲፈለግ አይገኝም። መዝገብ ቤቷ “አልቀበልም፣ ታዝዤያለሁ” ካለች አትጨቃጨቂያት። ፖስታ ቤት ሂጂና በሪኮማንዴ ላኪው። ደረሰኙን ያዢ።

ከዚያ የሚመጣው ምንድነው? በብዛት ካየሁት ተነስቼ ልንገርሽ።

ኃላፊው ይጠራሻል፤ ሻይ ይጋብዝሽ ይሆናል። “ደብዳቤ ምን አስፈለገ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን” ይልሻል። አመስግነሽ ስሚው። ወጥተሽ በዚያው ቀን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ጻፊለት፤ “ዛሬ ባደረግነው ውይይት የመጋቢት ደመወዜና የ4,522.50 ብር የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ እስከ ግንቦት 10 እንደሚከፈል ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።” እሱ “እሺ” ብሎ ከመለሰ እጅሽ ላይ የጽሑፍ ቃል አለሽ። ካልመለሰም የተባለውን በሰዓቱ መዝግበሻል።

ወይም ደመወዙን ይከፍሉና ኦቨር ታይሙን “አልጸደቀም” ይላሉ። ያኔ ያልጸደቀው የትኛው ቀን እንደሆነ በዝርዝር እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። 64ቱም ሰዓት አልጸደቀም ማለት ይከብዳቸዋል። ሁልጊዜ የሚያከራክረው ሁለት ሦስት ምሽት ነው። የተቀረው ይለቀቃል።

ወይም ከፊሉን ይከፍሉና “ምንም ቀሪ የለኝም” የሚል ወረቀት ያቀርቡልሻል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። አዋጁ ሠራተኛው የተጣራ ክፍያውን ሳይቃወም መቀበሉ ብቻ መብቱን እንደመተው አይቆጠርበትም ይላል። ግን “ቀሪ የለኝም” ብለሽ በገዛ ፊርማሽ ካጸደቅሽ በኋላ መከራከር ሌላ ጣጣ ነው። ገንዘቡን ተቀበይ፤ ከፊርማሽ አጠገብ “የየካቲት ትርፍ ሰዓት ቀሪ ነው” ብለሽ ጻፊ። አትጻፊ ካሉሽ አትፈርሚ።

በየካቲቱ ደመወዝ ላይ አንዲት ነገር ላንሳ፤ ለወደፊቱ ትጠቅምሻለች። የካቲት 30 እሑድ ነበር የዋለው። የመክፈያ ቀን እሑድ ወይም በዓል ላይ ሲውል አዋጁ ቀድሞ ባለው የሥራ ቀን ይከፈል ነው የሚለው። “እሑድ ስለሆነ ሰኞ” የሚባለው ነገር ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

አንድ ሰው “ደመወዝ ካዘገዩ የሦስት ወር ይቀጣሉ” ብሎሽ ከሆነ አትመኚው። እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርሰው ክፍያ ያለው የሥራ ውል ተቋርጦ የመጨረሻ ሒሳብ ሳይከፈል ሲዘገይ ነው። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። ይህን ደብዳቤው ውስጥ ብታስገቢ የሚያውቀው ሰው አንብቦ ፈገግ ይላል፤ የተቀረውንም እንዲሁ ያነበዋል።

እንጀራዬ ላልሽው፤ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ አስቀምጧል። እርግጥ ሕጉ ይህን ስላለ ማንም አይነካሽም ማለት አይደለም። ፈረቃ ሊቀይሩብሽ ይችላሉ። ኦቨር ታይም ሊከለክሉሽ ይችላሉ፤ እሱ መብታቸው ነው። ግን በሥነ ሥርዓት የተጻፈ፣ ገቢ የሆነ ደብዳቤ ያለው ሰው ላይ ሰበብ መፈለግ ያስፈራቸዋል፤ ቀኑ ይናገራላ። ሌላው፣ ጓደኞችሽም ያልተከፈላቸው ከሆነ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሒሳብ ይዘው በአንድ ቀን ቢያስገቡ ጥሩ ነው። በአንድ ደብዳቤ ሃያ ሰው ሲፈርም ግን የእያንዳንዱ ሰዓት ይጠፋል፤ እኔ ፔሮል ላይ ሳለሁ የቡድን ፊርማ መጥቶልኝ ማንን ስንት እንደምከፍል ያወቅሁበት ቀን የለም። በዚያ ላይ “አድማ” የምትል ቃል ትመጣለች።

መልስ ሳይመጣ ሚያዝያ 30 ካለፈ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ፣ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ሦስት መስመር ትበቃለች፤ የመጀመሪያውን ገቢ ቁጥር ጥቀሺና “እስከ ግንቦት 15 መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ለማቅረብ እገደዳለሁ” በይ። እዚህ ላይ ነው ማስጠንቀቂያ ቦታው። ግንቦት 15 ካለፈ ደግሞ ሰኔን አትጠብቂ። የከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት ዘንድ ሁለቱን ደብዳቤዎችና ሠንጠረዡን ይዘሽ ሂጂ፤ አቤቱታሽ በጽሑፍ ገቢ ይሁን፣ ቁጥር ያዢበት። እዚያ ካልተፈታ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሥራሽ ያለው ኮምቦልቻ ስለሆነ እዚያው ነው የምትጀምሪው፤ ቤቴ ደሴ ነው ብለሽ ደሴ እንዳትመላለሺ።

ይህ ሁሉ የምልሽ የግል ድርጅት ስለሆነ ነው። ጥያቄውን የምታነቡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የምትተዳደሩበት ሕግ ሌላ ነው፤ ማባዣውንም ቀኑንም ከዚህ አትቅዱ። በግል ድርጅትም ቢሆን የሥራ መሪ የሆነ ሰው ይህ አዋጅ አይሸፍነውም።

ለአንቺ ግን ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራሽ ደብዳቤው አይደለም። ሱፐርቫይዘሩ የፈረመበት ወረቀት ካለ እሱን በስልክ ፎቶ አንሺና ለእኅትሽ ላኪላት። ከሌለ ደግሞ ፈረቃ ሳትገቢ ሱፐርቫይዘሩን አግኚው፤ ዝርዝሩን አሳዪውና “ሰዓቱ ልክ ከሆነ ፈርሙልኝ” በይው። እሱ ፋይናንስ አይደለም፤ ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም። ደብዳቤው ከገባ በኋላ ብትጠይቂው ግን ኃላፊዎቹን ፈርቶ ሊያመነታ ይችላል።